ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ላይ ቀኑን እንዴት እንጻፍ? የኛን ብቻ፣ የነሱን ብቻ፣ ወይስ ሁለቱንም?

ለማስተርስ ሳመለክት የስራ ልምድ ደብዳቤ ተጠየቅኩ፣ ከምሰራበት ቦታ አስጽፌ አስፈርሜ ማህተም አስመትቼ ስካን አድርጌ ላኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን ብለው ቢመልሱልኝ ጥሩ ነው፣ የላክኸው ደብዳቤ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከስድስት ወር ወዲህ የተጻፈ ላክልን። ማህተሙ እኮ ገና እጅ ላይ ይለቅ ነበር! መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዛ ደብዳቤውን ከፍቼ ቀኑን በነሱ አይን ሳነበው ልክ ናቸው፣ ጥፋቱ የኛው ነው።

እንዲገባችሁ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም የወጣ ደብዳቤ እንያዝ፣ እስከመጨረሻው በሱ እንሄዳለን። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑ ግን እንደለመድነው እንዲህ ተጽፏል፦

```
Date: 05/06/2018
```

እኛ ጋር ይሄንን የሚሳሳት የለም፣ አምስተኛው ቀን ስድስተኛው ወር፣ የካቲት 5። እንግሊዝ ያለ ሰው ግን 5 ጁን 2018 ብሎ ያነበዋል፣ አሜሪካ ያለው ደግሞ ወሩን ስለሚያስቀድም ሜይ 6 ቀን 2018 ይለዋል። ትክክለኛው ቀን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2026 ነው። አንድ መስመር፣ ሶስት አንባቢ፣ ሶስት ቀን። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ አንዳቸውም ግራ አለመጋባታቸው ነው። ግራ ቢገባቸው ይጠይቁ ነበር፣ እነሱ ግን ቁልጭ ያለ ቀን ነው የሚታያቸው፣ የቆየ ቀን።

እንግዲህ ምርጫው አራት ነው፣ የኢትዮጵያን ብቻ መጻፍ፣ የነሱን ብቻ መጻፍ፣ ሁለቱንም ጽፎ የኛን ማስቀደም፣ ሁለቱንም ጽፎ የነሱን ማስቀደም። ሁሉም የሚሆንበት ቦታ አለው ግን እኩል አይደሉም።

የኛን ብቻ ጽፈው ጎኑ ላይ ኢ.ሲ. ሚሉ አሉ። እዚህ አገር ላለ ሰው በቂ ነው፣ ኢ.ሲ. ማለት የኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ውጭ ያለ የዩኒቨርሲቲ ሰራተኛ ግን ይሄንን ምህጻረ ቃል የትም አይቶት አያውቅም፣ ስለዚህ ዘሎት ነው የሚያልፈው። ጂ.ሲ. ምንለውም ያው ነው፣ የነሱን አቆጣጠር ለመግለጽ እኛ የምንጠቀምበት እንጂ እነሱ የራሳቸውን ቀን ጂ.ሲ. ብለው አይጽፉም፣ ለነሱ ቀን ማለት በቃ ቀን ነው። ኤምባሲው እኮ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ ሀበሻ ሰራተኛ አለው፣ ይገባቸዋል ትሉ ይሆናል። ማመልከቻውን ሚቀበለው እዚህ ያለው ሰው ቢሆንም ውሳኔው ሌላ አገር ቁጭ ብሎ ፋይሉን በስክሪን በሚያይ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ ስለዚህ እዛ ላይ አትተማመኑ። ይሄ ምርጫ እዚሁ አገር ቤት ለሚቀር ደብዳቤ ይሁን፣ ለውጭ ይቅር።

ሁለተኛው የነሱን ብቻ መጻፍ ነው፣ ብዙ ሰው ሚመክረውም እሱን ነው፣ ምክንያቱም ቀላል ይመስላል። እውነትም ደብዳቤውን የምትጽፉት እናንተ ራሳችሁ ከሆናችሁ፣ ማለት የማመልከቻ ደብዳቤ ወይ ለጓደኛ የምትልኩት የግብዣ ደብዳቤ ከሆነ፣ ማህተምም ቁጥርም የለውም፣ በነሱ ቀን ብቻ ጻፉና ተገላገሉ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

መስሪያ ቤት የሚያወጣው ደብዳቤ ላይ ግን ችግር አለው። ደብዳቤው ብቻውን አይደለማ። ከላይ ቁጥር አለው፣ የቁጥሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ አለ፣ በኛ። ማህተሙ የቀን ማህተም ከሆነ እሱም በኛ ነው። ወጪ መዝገቡ ላይ የተመዘገበበት ቀን በኛ ነው። አሁን ይሄን እዩት፦

```
Ref. No.: HR/0147/18
Date: 12 February 2026
```

አንድ ጠርጣራ ሰው ይሄንን ሲያይ ቁጥሩ የ2018 ነው፣ ቀኑ የ2026፣ የድሮ ደብዳቤ ላይ ቀን ቀይረውበታል ማለቱ አይቀርም። እናንተ ምንም አላጭበረበራችሁም ግን መልኩ ልክ እንደተጭበረበረ ነው። ሌላም አለ፣ ለማጣራት ብለው መስሪያ ቤቱ ጋር ቢደውሉ ወይ ኢሜይል ቢጽፉ፣ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ፌብሩዋሪ 12 የሚባል ቀን መዝገቧ ላይ የላትም፣ ፈልጋ ስታጣ እንደዚህ አይነት ደብዳቤ አላወጣንም ብትል ምን ይውጣችኋል?

ስለዚህ ማህተም ያለው ደብዳቤ ከሆነ ሁለቱም ቀን መኖር አለበት፣ እኔ በዚህ አልደራደርም። የነሱ ቀን ደብዳቤውን ለሚያነበው ሰው ነው፣ የኛ ቀን ደግሞ ደብዳቤውን ከወጣበት መዝገብ ጋር ሚያስተሳስር ነው፣ ስራቸው የተለያየ ነው።

የቀረው ጥያቄ ማን ይቅደም ነው፣ ይሄ ላይ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቼ አውቃለሁ፣ አንዳንዱ የሀገር ክብር ምናምን ያደርገዋል። ለኔ ሚወስነው ቋንቋው ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ አንባቢው ፈረንጅ ነው ማለት ነው፣ አይኑ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቀን የሱ ይሁን፣ የኛ በቅንፍ ከስር ይከተል፦

```
Date: 12 February 2026
(Yekatit 5, 2018, Ethiopian calendar)
```

ደብዳቤው በአማርኛ ተጽፎ ኋላ ሚተረጎም ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ የኛ ይቅደም የነሱ በቅንፍ ይግባ፦

```
ቀን፦ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም
(እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2026)
```

የመጀመሪያው ላይ ምን እንዳደረግኩ ልብ በሉልኝ። ኢ.ሲ. የሚለውን አሳጥሬ አልተውኩትም፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በሙሉ ቃል ነው የጻፍኩት፣ ሁለት ቃል ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ግን ስለኛ ካላንደር ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሲያየው ኦ ሌላ ካላንደር አላቸው ብሎ ይረዳል፣ ከላይ ያለው ቁጥር ላይ 18 ለምን እንዳለም በዛው ይገባዋል። ቁጥሩን ራሱን ግን አትንኩት፣ ለፈረንጅ እንዲመች ብሎ 18ን ወደ 26 ሚቀይር ሰው አይቻለሁ፣ ያ ቁጥር ከዛ በኋላ መዝገቡ ላይ የለም።

ወሩ በፊደል ይጻፍ፣ በቁጥር አይሆንም

ቅድም ያየነው ግራ መጋባት ግማሹ የመጣው ከአቆጣጠሩ ልዩነት አይደለም፣ ወሩን በቁጥር ከመጻፍ ነው። የነሱን ቀን በትክክል ቀይራችሁም 12/02/2026 ብትሉት እንግሊዝ ያለው ፌብሩዋሪ 12 ይላል፣ አሜሪካ ያለው ዲሴምበር 2 ይላል፣ ገና ያልደረሰ ቀን! ወሩን በፊደል ከጻፋችሁት ግን ቀኑን አስቀደማችሁ ወሩን አስቀደማችሁ ማንም አይሳሳትም። ዓመቱም አራት ዲጂት ሙሉ ይጻፍ። የኦንላይን ፎርም ላይ ሲሆን በዓመት ጀምሮ 2026-02-12 የሚለው አጻጻፍ አለ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 8601 የሚባለው ስታንዳርድ ነው፣ እሱም አያሻማም፣ ደብዳቤ ላይ ግን ትንሽ ደረቅ ስለሆነ እኔ ፊደሉን ነው የምመርጠው። በነገራችን ላይ በዛ አጻጻፍ የኛን ቀን እንዳትጽፉ፣ 2018-06-05 ካላችሁ በስታንዳርዱ መሰረት ጁን 5 ቀን 2018 ብላችሁ ማረጋገጣችሁ ነው።

የኛ ቀን በቁጥር ሲጻፍ በጣም የሚያስቀው ጳጉሜ ላይ ነው። ጳጉሜ 3 ቀን 2017 በኛ ልማድ 03/13/2017 ተብሎ ይጻፋል፣ እኛ 13 ወር ስላለን። አሜሪካዊ ሲያየው አስራ ሶስተኛ ወር እንዴት ይኖራል ብሎ የሚደናገጥ ይመስላችኋል፣ አይደናገጥም፣ ማርች 13 ቀን 2017 ብሎ በሰላም ያልፋል። እውነተኛው ቀን ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ነው። 

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፣ እንደውም እኔ ካየኋቸው ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው። የወሩን ስም መተርጎም። የካቲት ፌብሩዋሪ ነው፣ መስከረም ሴፕቴምበር ነው ብለን ስለተማርን ጸሐፊው ቀኑንም ዓመቱንም ሳይነካ ወሩን ብቻ እንግሊዝኛ ያደርገውና እንዲህ ይሆናል፦

```
February 5, 2018 E.C.
```

ይሄ ቀን በየትኛውም ካላንደር የለም። ወሩ የነሱ፣ ቀኑና ዓመቱ የኛ። አንባቢው ኢ.ሲ. የሚለውን ስለማያውቀው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 ነው የሚያየው፣ በነሱ። የዚህ ስህተት ራቁቱን የሚወጣው የካቲት 30 ላይ ነው፣ ፌብሩዋሪ 30 ተብሎ ተጽፎ ማህተም የተመታበት ደብዳቤ በአይኔ አይቻለሁ፣ ፌብሩዋሪ ቢበዛ 29 ነው። የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም ማለት ማርች 9 ቀን 2026 ነው፣ ወሩ ራሱ ተቀይሯል። ስለዚህ የኛን ወር በእንግሊዝኛ ስትጽፉ እንዳለ ድምጹን በላቲን ፊደል ጻፉት፣ አትተርጉሙት። አማርኛው ላይም በተቃራኒው ተጠንቀቁ፣ እ.ኤ.አ. ብላችሁ ከጀመራችሁ ፌብሩዋሪ በሉ እንጂ እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2026 አትበሉ፣ ዜና ላይ እንደዛ ሲጻፍ ስለምናይ ለምደነዋል ግን ተርጓሚው የትኛውን የካቲት እንደሆነ ማወቅ አይችልም።

ቅየራው ላይ የሚሳሳቱበት ቦታ

ኮንቨርተር አለ አይደል እንዴ ትሉኛላችሁ፣ አለ፣ ስልካችሁ ላይ አውርዱና ተጠቀሙ። ግን ኮንቨርተሩ ያወጣውን የሚያረጋግጥ ጭንቅላት ያስፈልጋል፣ መስሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ብዙው ጸሐፊ ግድግዳ ላይ ያለ ካላንደር አይቶ ወይ በልምድ ነው የሚቀይረው።

ዓመቱ ላይ ሰባት ልደምር ስምንት የሚለው ነው የመጀመሪያው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ስምንት። ወጥመዱ ታህሳስ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የነሱ ዓመት የሚቀየረው በኛ ታህሳስ መሃል ነው። በ2018 ታህሳስ 22 ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ነበር፣ ታህሳስ 23 ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 2026። ታህሳስ 25 የወጣ ደብዳቤ ላይ በልምድ ሰባት ደምሮ ጃንዋሪ 3 ቀን 2025 የሚጽፍ ሰው ደብዳቤውን በአንድ ዓመት አስረጀው ማለት ነው። ሰው ደግሞ አዲስ ዓመት ላይ ያለፈውን ዓመት ቁጥር በስህተት ስለሚጽፍ ማንም ሲያየው አይነቃም፣ አንባቢው ብቻ ነው የሚነቃው።

ሁለተኛው የአንድ ቀን ልዩነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ግን ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ወደ ሴፕቴምበር 12 ይዞራል። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፣ 2011 ነበረች፣ 2015 ነበረች፣ የሚቀጥለው 2019 ነው። ስለዚህ የዘመነ ዮሐንስ ዓመታት፣ 2012፣ 2016፣ 2020፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ አንድ ቀን ተገፍተው ይሄዱና ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲያስገቡ ይስተካከላል፣ ከማርች 1 በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሚያስታውሳችሁ ነገር ከፈለጋችሁ ገና አለላችሁ፣ ገና ታህሳስ 29 ሳይሆን 28 የሚከበርበት ዓመት ማለት ይሄው የተገፋው ዓመት ነው፣ ጃንዋሪ 7 ግን አይለወጥም።

አንድ ቀን ምን ያመጣል? ደብዳቤው የወጣበት ቀን ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አያመጣም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ሁለት ቦታ ላይ ይነክሳል። አንዱ በቀን የሚቆጠር ገደብ ሲኖር ነው፣ ለምሳሌ ለእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ የባንክ ማስረጃው ማመልከቻው ከሚገባበት ቀን በፊት ባሉት 31 ቀናት ውስጥ የሚያበቃ መሆን አለበት፣ ገንዘቡም 28 ተከታታይ ቀን የተቀመጠ መሆን አለበት፣ እዛ ጋር አንድ ቀን አንድ ቀን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀኑ ወደፊት ከተገፋ ነው፣ መገፋት የሌለበትን ዓመት እንደ ዘመነ ዮሐንስ ቆጥራችሁ አንድ ቀን ከጨመራችሁ ዛሬ የላካችሁት ደብዳቤ የነገ ቀን ይዞ ይሄዳል።

ማረጋገጫ ዘዴ የምነግራችሁ አንድ ነው፣ የሳምንቱ ቀን። ሐሙስ በሁለቱም ካላንደር ሐሙስ ነው። የካቲት 5 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2026ም ሐሙስ ነው፣ ከገጠመ የአንድ ቀን ስህተት የለም ማለት ነው፣ ካልገጠመ ተሳስታችኋል። በተለይ ደብዳቤው ውስጥ ያሉ የቆዩ ቀኖች ላይ ይሄ ዘዴ ወርቅ ነው። ለምሳሌ የኛው ደብዳቤ ውስጥ ሰራተኛው ጥቅምት 3 ቀን 2012 ዓ.ም ተቀጠረ ይላል እንበል። በተለመደው ዓመት ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ስለሆነ ጸሐፊዋ ኦክቶበር 13 ቀን 2019 ብላ ጻፈች። ካላንደሩን ክፈቱና እዩት፣ ኦክቶበር 13 እሁድ ነው፣ በእሁድ ማን ይቀጠራል። 2012 ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ትክክሉ ኦክቶበር 14 ነው፣ ሰኞ።

የውስጡ ቀን ነገር ከተነሳ አይቀር፣ የቀን መስመሩ ላይ ሁለቱንም ጽፋችሁ ውስጥ ገብታችሁ የኛን ብቻ እንዳትጽፉ። ከላይ 2026 ብሎ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ እስካሁን እየሰራ ነው የሚል ደብዳቤ አስራ አራት ዓመት የስራ ልምድ ነው የሚመስለው፣ እውነቱ ስድስት ዓመት ከአራት ወር አካባቢ ነው። ይሄ ደግሞ ስህተት አይባልም፣ ውሸት ነው የሚባለው። ውስጥ ላይ በነሱ ቀን ጻፉ፣ የቅጥር ቀን እንደመሳሰሉት ዋና ዋናዎቹ ላይ ብቻ የኛን በቅንፍ ጨምሩ፣ ሁሉም ቀን ላይ ቅንፍ ካደረጋችሁ ግን ደብዳቤው አይነበብም።

መዝገብ ቤት ሲደርስ የሚበላሸው

ይሄን ሁሉ አስተካክላችሁም ደብዳቤው የሚበላሸው መጨረሻ ላይ ነው፣ ይሄንን ማንም አይነግራችሁም። ብዙ መስሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጻፍ ቁጥሩና ቀኑ ባዶ ይተዋል፣ ኃላፊው ከፈረመ በኋላ መዝገብ ቤት ሄዶ ወጪ ሲደረግ ነው በእስክሪብቶ የሚሞላው። አሁን እናንተ ጸሐፊዋን ለምናችሁ ሐሙስ ፌብሩዋሪ 12 ብላ በኮምፒውተር አሳመረችላችሁ። ኃላፊው ለስብሰባ ወጥቷል፣ ማክሰኞ መጥቶ ፈረመ። መዝገብ ቤት ያለው ሰው የወጣበትን ቀን ነው የሚጽፈው፣ የካቲት 10፣ እሱ ልክ ነው፣ ደብዳቤ ቀኑ የወጣበት ቀን ነው። ውጤቱ አንድ ወረቀት ላይ በታይፕ ፌብሩዋሪ 12፣ ከጎኑ በእስክሪብቶ 10/06/2018፣ የካቲት 10 ደግሞ ፌብሩዋሪ 17 ነው። ሁለቱ አይገጥሙም፣ ለሚያጣራ ሰው ደግሞ አለመግጠሙ ብቻ ነው የሚታየው።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ የቀኑን መስመር በታይፕ አታስሞሉት፣ ሁለት ባዶ መስመር ይተው፣ አንዱ ለነሱ አንዱ ለኛ። ፊርማው ካለቀ በኋላ የዛን ቀን ቅየራ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ለመዝገብ ቤቱ ሰው ስጡትና እያየ በፊደል እንዲገለብጠው በትህትና ጠይቁት፣ አንድ እሺ የማይል አላጋጠመኝም። ወይም ደግሞ ቁጥርና ቀን ቀድሞ ከተሰጠ በኋላ ፕሪንት ይደረግና በዛው ቀን ይፈረም፣ ይሄ የሚሰራው ግን ኃላፊው ቢሮ ካለ ብቻ ነው። የቀን ማህተም የሚመቱ ከሆነም እሱ በኛ ቀን መሆኑ ችግር የለውም፣ ቅንፍ ውስጥ ካለው ጋር እስከገጠመ ድረስ።

በአማርኛ የተጻፈውን ተርጓሚ ጋር ስትወስዱት ደግሞ ትርጉሙ ዋናውን መምሰል አለበት። ዋናው ላይ 2018 ብቻ ካለና ተርጓሚው ለመርዳት ብሎ በዝምታ 2026 ቢያደርገው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ቁጥሮቹ ስለማይመሳሰሉ ትርጉሙን አይቀበልም፣ አማርኛ ማንበብ ባይችልም ቁጥር ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚውን የኛን ቀን እንዳለ አስቀምጠህ የነሱን በቅንፍ ጨምርልኝ በሉት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዋናው ደብዳቤ ሲወጣ ሁለቱንም ይዞ ከሆነ ነው፣ ተርጓሚው ምንም ሳይቀይር የተጻፈውን ብቻ ይተረጉማል፣ ኦንላይን ፎርም ላይ የወጣበት ቀን ስትባሉም እዛው ላይ ያለውን የነሱን ቀን ትሞላላችሁ።

ደብዳቤው በስህተት ወጥቶ እጃችሁ ላይ ካለስ? በእስክሪብቶ አትንኩት፣ ከጎኑ ቅንፍ ጨምራችሁም አትጻፉበት፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም፣ እናንተ የጨመራችሁት ደግሞ ከስርዝ ድልዝም ይብሳል ምክንያቱም የእጅ ጽሁፉ ከመዝገብ ቤቱ ጋር አይመሳሰልም። የመጀመሪያውን መልሳችሁ በአዲስ ቁጥርና በአዲስ ቀን እንደገና ይውጣልኝ በሉ። ዴድላይኑ ደርሶ ጊዜ ከሌላችሁ ደብዳቤውን እንዳለ ላኩትና ኢሜይሉ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንና በነሱ ስንት እንደሆነ አንድ መስመር ጻፉ፣ አዲሱ ሲወጣ ትልካላችሁ። እኔም ያኔ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው፣ አዲሱ ደብዳቤ እስኪወጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፣ እነሱ ግን አንዷን መስመር አይተው በማግስቱ ተቀበሉኝ።